ረጅም ዓረፍተ ነገር ሁሌ አያረጋጋም

«አጭር ዓረፍተ ነገር ያጣድፋል፣ ረጅም ያረጋጋል። ስለዚህ አንቀጼ እንዲረጋጋ ዓረፍተ ነገሮቹን አያያዝኳቸው።»

ርዝመት ብቻውን አይወስንም። ይህን ጮክ ብለህ አንብበው፦ «በሩን ከፍቶ፣ ደረጃውን ወርዶ፣ ታክሲ አስቁሞ፣ ሳይቀመጥ ሂሳብ ከፍሎ ሄደ።» አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ግን ትንፋሽ ያሳጥራል። «ከፍቶ፣ ወርዶ፣ አስቁሞ» እያለ ድርጊት ይደረድራል። ማሰሪያ ግሱ እስኪመጣ አንባቢው አያርፍም። እንዲህ ማያያዝ ደግሞ በአማርኛ በጣም ይቀናል፤ ብዙዎቻችን የምንሸወደው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ይህን እይ፦ «በሩን ከፈተ። ዝናቡ አባርቷል። ደረጃው ላይ ትንሽ ቆመ።» አጫጭር ናቸው፤ ግን ረጋ ይላሉ። ድርጊቱ ጥቂት ነው፣ በመሃል የሚታይ ነገር ገብቷል። «ከፈተ። ወረደ። ሮጠ።» ብትል ግን ጥድፊያው ይመለሳል። ያንተም አንቀጽ ላይ መጀመሪያ የተደረደሩትን ድርጊቶች ቀንስ፤ ርዝመቱን ከዚያ በኋላ ታየዋለህ።