በአራተኛው አንቀጽ የተደበቀ መዘግየት

የሥራ መዘግየትን የሚያሳውቅ ኢሜይል ከሌሎች ኢሜይሎች ሁሉ የሚለየው በጨዋነቱ ነው። ሥራው በታቀደለት ቀን ሲያልቅ ላኪው «ተጠናቋል፤ ፋይሉ ተያይዟል» ብሎ በአንድ መስመር ይገላገላል። ሥራው ሲዘገይ ግን የከበረ ሰላምታው ይረዝማል፣ እስካሁን ለተደረገው ትብብር ምስጋናው ይጎርፋል፣ የፕሮጀክቱም ዓላማ ከመነሻው ጀምሮ ይተረካል። ልምድ ያለው አንባቢ ምስጋናው ከሁለት መስመር ማለፉን ሲያይ ልቡ ይጠረጥራል፤ ገጹን ወደ ታች እያንሸራተተም «ይሁን እንጂ» የምትለዋን ቃል ይፈልጋል፤ ጉዳዩ ያለው ከእሷ በታች መሆኑን ያውቃልና።

ነገር ግን ሁሉም አንባቢ እንዲህ ያለ ልምድና ጊዜ የለውም። አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን ደመወዝ የሚያሰላበትን አሮጌ ሶፍትዌር በአዲስ ሊቀይር ነው እንበል። አዲሱ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቀን ሥራ ይጀምራል ተብሏል። የአሮጌው ውል ደግሞ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል፤ ለአንድ ወር ብቻ ማራዘም የሚቻለው እስከ 15 ድረስ ለአቅራቢው ካሳወቁት ነው። ወሩ 12 ላይ ሲደርስ የፕሮጀክቱ ቡድን ሥራው እንደማይደርስ አወቀ፤ በ13ም ለፋይናንስ ኃላፊዋ ኢሜይል ላከ። ርዕሱ «የፕሮጀክቱን ወቅታዊ ሁኔታ ስለማሳወቅ» ይላል፤ ሁሉ ነገር ሰላም በነበረበት ባለፈው ሳምንትም፣ ከዚያ በፊትም ይል የነበረው ይህንኑ ነው። ኃላፊዋ ከአንዱ ስብሰባ ወደ ሌላው ሲያልፉ ስልካቸውን አዩት። ከርዕሱ ሥር የሚታየው የመልእክቱ ጅማሬ «ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን…» የሚል ነበር። ሰላምታውን ተቀብለው፣ የቀረውን በእርጋታ ለማንበብ አቆዩት።

ያቆዩት መልእክት ሁለተኛ አንቀጹ «እንደሚታወቀው» ብሎ የፕሮጀክቱን ዓላማ ያስረዳል። ሦስተኛው የተከናወኑትን ተግባራት፣ የሥልጠና መመሪያው ሽፋን ሳይቀር፣ ይዘረዝራል። አራተኛው እንዲህ ይላል፦ «ይሁን እንጂ አንዳንድ ከአቅም በላይ የሆኑ ተግዳሮቶች በማጋጠማቸው መጠነኛ የጊዜ ማሸጋሸግ ማድረግ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የዘገየ ሰው የለም፤ ያጋጠመው ነገር ስም የለውም፤ «መጠነኛ» የተባለውም ጊዜ በየትኛውም የቀን መቁጠሪያ ላይ አይገኝም። ኃላፊዋ ይህን ያነበቡት በ20 ነው። አቅራቢው በዚያን ጊዜ በትሕትና የመለሰላቸው፣ ከ15 በኋላ ውሉን የሚያራዝመው ለሙሉ ዓመት ብቻ መሆኑን ነው።

እዚህ ላይ ላኪው የሚያቀርበው መከላከያ አይጠፋም፤ «ውሃ ከጥሩ፣ ነገር ከሥሩ» ይላል፤ ምክንያቱን ሳያስረዳ መዘግየቱን ቢናገር አንባቢው እንዳይቆጣ ይሰጋል። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተተረተው ለሸንጎ እንጂ በሊፍት በር ላይ ስልኩን ለሚያይ ሰው አይመስለኝም። አንባቢው ሥሩን በትዕግሥት የሚመረምረው ጉዳዩ ምን እንደሆነና ከእርሱ ምን እንደሚፈለግ ካወቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ያው ዜና በ13 እንዲህ ሊጻፍ ይችል ነበር። ርዕሱ፦ «የደመወዝ ሶፍትዌሩ በአንድ ወር ዘግይቷል፤ እስከ 15 ውሳኔዎ ያስፈልጋል።» ከዚያም ከሰላምታ በኋላ ወዲያውኑ፦

«አዲሱ የደመወዝ ሶፍትዌር በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ሥራ አይጀምርም፤ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ባለው ወር የመጀመሪያ ቀን ነው። የአሮጌውን ውል ለአንድ ወር ለማራዘም እስከ 15 ለአቅራቢው እንዲያሳውቁልን እንጠይቃለን። የዘገየነው የ140 ሠራተኞች ቀሪ የዓመት ፈቃድ በአሮጌው ሶፍትዌርና በሰው ኃይል ክፍል መዝገብ ላይ የተለያየ ሆኖ ስላገኘነው ነው፤ ይህን ማመሳከር የነበረብን ሥራውን ስንጀምር ቢሆንም ያመሳከርነው በዚህ ሳምንት ነው። ሁለት ባልደረቦች በቀን 14 የሠራተኛ ፋይሎችን እያዩ በ10 የሥራ ቀናት ይጨርሳሉ፤ ቀሪው ሥራ የሚቀጥለው ከዚያ በኋላ ነው። የሠራተኞች ሥልጠና በተያዘለት ቀን ይካሄዳል። የደረስንበትን በየሳምንቱ ሐሙስ እናሳውቃለን።»

በዚህ ውስጥ የምክንያቱን መጠን ልብ ይሏል። የተነገረው አንባቢዋ አዲሱን ቀን ለማመን የሚያስፈልጋትን ያህል ነው፤ 140ን ለ14 ማካፈል ማንም ይችላል፤ የሚካፈል ቁጥር የሌለው ምክንያት ግን፣ በእኔ ግምት፣ ይቅርታ መጠየቂያ እንጂ ማስረጃ አይደለም። የሰው ኃይል ክፍል መዝገቡን በአግባቡ አለመያዙን በስሱ ለመጠቆም፣ የክፍሉንም ኃላፊ በግልባጭ ለማስገባት የሚዳዳው ብዙ ነው። ያን ካደረገ ቀጣዩ ሳምንት ፋይል በማየት ሳይሆን ኢሜይል በመመላለስ ያልፋል፤ ፋይሎቹ ያሉትም በዚያው በተከሰሰው ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

አዲሱ ቀንም የራሱ ወጥመድ አለው። የተጨመረው ሥራ የ10 ቀን ስለሆነ ላኪው «ሁለት ሳምንት ብቻ» ብሎ ዜናውን ለማሳነስ ይፈተናል። ደመወዝ ግን በወር የሚሰላ ነገር ነው፤ በወሩ አጋማሽ ሶፍትዌር መቀየር ማለት የአንዱን ሰው ደመወዝ ግማሹን በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ማስላት ነው። ስለዚህ የሁለት ሳምንት ሥራ የአንድ ወር መዘግየት ይሆናል፤ የተረፉት ቀናትም ለፍተሻ ይውላሉ። ሁለት ሳምንት ብሎ ጀምሮ በኋላ አንድ ወር የሚል ሰው መዘግየቱን ሁለት ጊዜ ያበሥራል፤ በሁለተኛው ጊዜ ምክንያቱን የሚያነብለት የለም።

ምክንያቱ ገና ያልታወቀ ከሆነም ዜናው ምክንያት እስኪገኝለት አይጠብቅም፤ «በመጀመሪያው ቀን አንጀምርም፤ ምክንያቱን እያጣራን ነው፤ አዲሱን ቀን ሐሙስ እናሳውቃለን» ማለት ይበቃል። ቀነ ገደቡ ነገ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ስልክ መደወል፣ ኢሜይሉን ለማስረጃ ማስከተል ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ኢሜይሉ ከጸሐፊው እጅ በቀጥታ ከወጣ ነው። ከላይ ያለው ረቂቅ በ13 ማለዳ ለማጽደቅ ተላከ እንበል። የቡድን መሪው አንብበው «ግሩም ነው፤ ግን በመዘግየት መጀመር ትንሽ ይከብዳል» ብለው ከላይ የምስጋና አንቀጽ ይጨምራሉ። መምሪያ ኃላፊው በበኩላቸው የተከናወኑት ተግባራት እንዳይዘነጉ ሌላ አንቀጽ ያስቀድማሉ፤ «ዘግይቷል» የሚለውንም «ተሸጋሽጓል» ብለው ያርማሉ። ከእርሳቸው በላይ ያሉት ሁለቱንም ወደዋቸው የፕሮጀክቱን ዓላማ ያክላሉ፤ 140ና 14ን ግን «ዝርዝር ነው» ብለው ያወጧቸዋል። ኢሜይሉ በዚህ ሁኔታ ተሞሽሮ በ16 ከቀትር በኋላ ይላካል። በአራተኛው አንቀጽ ውስጥ «እስከ 15 ለአቅራቢው እንዲያሳውቁልን እንጠይቃለን» የምትለው ሐረግ ግን ማንም ሳይነካት እንደተጻፈች አለች።