ላለቀለት ሎጎ የቀረበ ምስጋና

ጅማ ላይ ከንግድ ፈቃድ ይልቅ ሎጎ ማውጣት ቀሏል፤ ይህን ላደረጉልን ባለሱቆች ምስጋና ይድረሳቸው። ዲዛይነር ደጅ መጥናት፣ «ቀለሙን ቀይር፣ ጽሑፉን አሳድገው» እያሉ መጨቃጨቅ ቀርቷል። ስልክ ይወጣል፣ በትእዛዝ ምስል ለሚሠራው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ለኤአዩ፣ «የቡና መሸጫ ሎጎ፣ ወርቃማ፣ የጅማ ባህል ያለው» ተብሎ ይጻፍለታል፣ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ሎጎው ከች ይላል። ከዚያ ወደ ማተሚያ ቤት ጎራ ተብሎ «ዲዛይኑ አልቋል፤ አንተ ታፔላውን ቁረጥልኝ፣ ማኅተሙን ቅረጽልኝ» ይባላል። ላለቀ ሥራ ደግሞ የዲዛይን ዋጋ ማን ይከፍላል?

ሂርማታ አካባቢ ቡና ቆልቶ ለመሸጥ ያሰበ አንድ ባለሱቅ እናስብ። ሎጎው በእውነት ያምራል። በርጩማ ላይ ጀበና ተቀምጧል፣ ከጀበናው አምስት የወርቅ እንፋሎት ይወጣል፣ ከበስተጀርባ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይታያል፣ ዙሪያውን የሱቁ ስም ተጽፏል። ቤተ መንግሥቱ አንድ ፎቅ ተጨምሮለታል፤ ባለሦስት እግሩ የጅማ በርጩማም አራተኛ እግር አብቅሏል። ለከተማችን የተበረከተ ልማት ነውና ማንም ቅር ሊለው አይገባም።

ፋይሉ የሚመጣው በቴሌግራም ነው፤ ያውም በፎቶነት። በፎቶ የተላከን ምስል ቴሌግራም ይጨምቀዋል፤ የመስመሮቹ ጠርዝ ላይ ብናኝ የመሰለ ግራጫ ነገር የሚታየው ለዚህ ነው። «ጀርባው ባዶ ይሁን» ብሎ ያዘዘ ደንበኛ ደግሞ የበለጠ ይመሰገናል። ባዶ ጀርባ በዲዛይን ፕሮግራም ላይ በነጭና በግራጫ ዳማ እንደሚታይ ኤአዩ አይቷል፤ ስለዚህ ጀርባውን ባዶ በማድረግ ፈንታ ዳማውን ራሱን ስሎ ይሰጣል። ሲታተም ጀበናው ዳማ ሰሌዳ ላይ ቁጭ ይላል።

የታፔላውን ነገር በፍትሕ እንየው። ምስሉ በቁመትም በወርድም 1024 ፒክስል ነው እንበል። ባነር ላይ አንድ ሜትር ተደርጎ ቢታተም እያንዳንዱ ፒክስል አንድ ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ቀርቦ ላየው ይደበዝዛል፣ ከመንገዱ ማዶ ላየው ግን ያልፋል። ችግሩ የሚመጣው ስቲከር ሲቆረጥ ነው። ቆራጩ ማሽን፣ ፕሎተሩ፣ ምስል አያይም፤ ምላጩ የሚሄድበት መስመር ይፈልጋል። ምስሉ ውስጥ ደግሞ መስመር የለም፤ ጎን ለጎን የተደረደሩ ባለቀለም ነጠብጣቦች ናቸው ያሉት።

«ታዲያ ምስሉን ወደ መስመር በሚቀይረው በኮረል PowerTRACE አድርገው፤ አንድ ክሊክ አይደለም እንዴ?» ይላል መረጃ ያለው ደንበኛ። ልክ ነው፣ አንድ ክሊክ ነው። ፕሮግራሙ የቀለም ልዩነት ባገኘበት ሁሉ ድንበር ያሰምራል። እያንዳንዱ የወርቅ እንፋሎት ከቢጫ ወደ ቡናማ ቀስ በቀስ ስለሚደበዝዝ፣ አንዱ እንፋሎት ተቆራርጦ ብዙ ስስ ቁርጥራጭ ይሆናል። በቴሌግራም የመጣው ብናኝም አንድ ሳይቀር የየራሱ መስመር ይሰመርለታል። ምላጩ በየነጥቡ እየቆመ አቅጣጫ ስለሚቀይር ስቲከሩን ይነጨዋል፤ ከሚሊሜትር የማይበልጡት ቁርጥራጮች ትርፉ ሲላጥ አብረው ተነሥተው ይሄዳሉ። በሁለት ጥምዝ መስመር የሚያልቅ የቡና ፍሬ መቶ ማዕዘን ይዞ ይወጣል። ቴክኖሎጂ ነው፤ ማዕዘን ሲበዛ ጥራት ነው።

የምስጋናው አክሊል ግን ለማኅተሙ ይገባል። ክቡ ማኅተም 4 ሴንቲሜትር ነው። ከዚያ ላይ የውጩ ክበብና የዙሪያው ጽሑፍ ሲቀነስ ለሥዕሉ የሚተርፈው መሀል 2.2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። 1024ቱ ፒክስል እዚያ ውስጥ ሲገባ በአንድ ሚሊሜትር 46 ይሆናል። እንግዲህ ስልክ ላይ ሲያዩት 5 ፒክስል ውፍረት ያለው እንፋሎት፣ ማኅተሙ ላይ 0.1 ሚሊሜትር ሆነ ማለት ነው። በሌዘር ለሚቀረጽ ጎማ ከ0.3 ሚሊሜትር የቀጠነ መስመር አይታመንም፤ ቀጭኑ ጎማ ሲጫኑት ይተኛል ወይም ይቆረሳል። በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተትም እንዲሁ ከጠበበ ቀለሙ ይሞላዋል። ወርቁን በተመለከተ፣ ማኅተም ሁለት ነገር ብቻ ያውቃል፦ ቀለም የነካውንና ያልነካውን። ደብዘዝ ያለው ወርቅ ወይ ድፍን ይሆናል፣ ወይ ይጠፋል፣ ወይ ነጠብጣብ ሆኖ ቆሻሻ ይይዛል። ቤተ መንግሥቱ ከነተጨማሪ ፎቁ ደረሰኙ ላይ ሲያርፍ ጥቁር ጭቃ ነው።

ፊደሉስ? እኛ 33 ረድፍ በ7 ቤት ቆጥረን ጨርሰናል ስንል፣ ኤአዩ ገና እየፈለሰፈ ነው። አንዳንዱ መልክ ከ«በ»ም ከ«ከ»ም ይቀርባል፣ ሁለቱንም ግን አይሆንም፤ «ጅ» ጭራዋን ወደ ላይ ትሰቅላለች። በቁቤ የተጻፈው የከተማዋ ስም ሁለቱ ኤም አንድ፣ ሁለቱ ኤ ሦስት ሆነውበታል። ይህን ማጽዳት አይቻልም፤ አጥፍቶ በትክክለኛ ፎንት እንደገና መጻፍ ብቻ ነው መፍትሔው።

እንግዲህ ምንም ያልቀረው ሎጎ ላይ ዲዛይነሩ ምን ይሠራል? ምስሉን ከሥር አስቀምጦ ይቆልፈዋል፤ ከላዩ ላይ በእጁ በጥምዝ መስመር ይስላል። ጀበናውን በጥቂት ነጥብ ይጨርሰዋል፣ አምስቱን እንፋሎት ሁለት አድርጎ ያወፍራቸዋል፣ የበርጩማውን ትርፍ እግር ይቆርጣል። የተደራረቡትን ቅርጾች አንድ ላይ ያዋሕዳል፤ ያለዚያ ፕሎተሩ የተደበቀውንም መስመር ይቆርጠዋል። ጽሑፉን ጽፎ በክብ መስመር ላይ ያስኬድና ሲጨርስ ኮረል ላይ `Ctrl+Q` ብሎ ወደ ቅርጽ ይለውጠዋል፤ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያ ፎንት ከሌለ ፊደሉ በሌላ እንዳይተካ።

ከዚያ ሁለት ፋይል ይወጣል። የታፔላው ሁለት ወይም ሦስት ድፍን ቀለም ይይዛል። የማኅተሙ ጥቁር ብቻ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ የለበትም፣ ፊደሉም ከታፔላው ቀጠን ያለ ነው። ፊደል በ3 ሚሊሜትር ቁመት በወፍራሙ ከተጻፈ የ«መ» ሁለት ዓይኖች ቀለም ጠጥተው ይዘጋሉ። ጎማው ከመቀረጹ በፊት በትክክለኛው 4 ሴንቲሜትር ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ያው ወረቀት አንዴ ፎቶ ኮፒ ይነሣል። ኮፒው ላይ ያልተነበበ ነገር ማኅተሙም ላይ አይነበብም።

ደንበኛው ኮፒውን ያያል፣ ጽሑፉን አንብቦ ጀበናውንም ይለየዋል። ከዚያ ሒሳቡ ሲነገረው «እኔ የሰጠሁህ ወርቅና ቤተ መንግሥት ነበረው፤ ይሄማ ቀንሰህ ነው የሰጠኸኝ፤ ዋጋውንም ቀንስ» ይላል።