መደመር ማባዛት ሲሆን ማን ይቀድማል?

ጥያቄው (ከሸዋ ሮቢት፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ)

«የአፕቲትዩድ ጥያቄ ነው። ‹+ ማለት ×፣ × ማለት + ቢሆን፣ 6 + 3 × 4 + 2 ስንት ይሆናል?› ይላል። ምርጫዎቹ ሀ) 44 ለ) 84 ሐ) 26 መ) 20 ናቸው። እኔ 44 አልኩ። አባቴ ሱቅ ባለው ካልኩሌተር ሳረጋግጥም 44 አለኝ። የመልስ ወረቀቱ ግን ሐ ይላል። ወንድሜ ደግሞ 84 ነው ብሎ ድርቅ አለ። ማነው ልክ?»

መምህሩ (ደብረ ብርሃን)

ልጄ፣ መልሱ 26 ነው። መጀመሪያ ምልክቶቹን ብቻ ቀይሪ። ገና ምንም አትደምሪ፣ ምንም አታባዢ። ከጥያቄው ሥር አዲስ መስመር ጻፊ፦ 6 × 3 + 4 × 2። አሁን የላይኛውን መስመር በእጅሽ ሸፍኚው። ሥራውን ጨርሷል። የቀረሽ ተራ ሒሳብ ነው። ማባዛት ይቀድማል፤ 18 እና 8፣ ሲደመሩ 26።

አንቺ ምልክቱን በትክክል ቀይረሻል። ከዚያ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ዝም ብለሽ ሄድሽ። 18፣ ሲደመር 4፣ 22፤ በ2 ሲባዛ 44። ካልኩሌተሩም የሠራው ይህንኑ ነው። ርካሹ የሱቅ ካልኩሌተር ቀጣዩን ምልክት በተጫንሽ ቁጥር እስከዚያ ያለውን ወዲያው አስልቶ ይጨርሰዋል። ወደፊት ምን እንደሚመጣ አያይም። በስልክሽ ሞክሪው፤ የአብዛኛው ስልክ ካልኩሌተር መስመሩን በሙሉ ካየ በኋላ ስለሚያሰላ 26 ይልሻል።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፣ በክፍሌ ብዙ ጊዜ ያየሁት። ተማሪው መጀመሪያ + ን ሁሉ ወደ × ይቀይራል። ከዚያ × ን ሁሉ ወደ + ይቀይራል። አሁን የቀየራቸውም ተመልሰው + ይሆናሉ፤ 6 + 3 + 4 + 2 ይቀርና 15 ይወጣል። ስለዚህ በዓይነት አትቀይሪ። ከግራ ጀምረሽ አንድ በአንድ፣ ከላይኛው መስመር እያየሽ ታችኛው ላይ ጻፊ።

የመንዝ ልጅ (አዲስ አበባ የምትሠራ ፕሮግራመር)

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ወንድሟን እንዲህ በቀላሉ ሊያልፉት አይገባም። እሱም ያሰበው ነገር አለ። የተጻፈው × ነው፤ × ይቀድማል፤ ስለዚህ 3 × 4 መጀመሪያ ይሠራል። ትርጉሙ መደመር ስለሆነ 7 ይሆናል። ከዚያ 6 ሲባዛ በ7 ሲባዛ በ2፣ 84። ተራው ከምልክቱ ጋር ቀረ፣ ትርጉሙ ብቻ ተቀየረ።

ይህ የልጅ ጨዋታ አይደለም። ፓይተን ልክ እንደዚህ ነው የሚሠራው፦

```python
class N(int):
    def __add__(a, b): return N(int(a) * int(b))
    def __mul__(a, b): return N(int(a) + int(b))

print(N(6) + N(3) * N(4) + N(2))
```

ያሂዱት፤ 84 ነው የሚያወጣው። ቋንቋው የምልክቱን ትርጉም እንድቀይር ይፈቅድልኛል። የምልክቱን ተራ ግን አያስነካኝም። ጥያቄው ደግሞ «+ ማለት ×» ነው ያለው። «በ+ ቦታ × ጻፉ» አላለም። እኔ «ማለት» የሚለውን ቃል ሳነብ ትርጉሙ ተቀየረ ብዬ ነው የምረዳው።

መምህሩ

እህቴ፣ ኮዱን አሂጄዋለሁ፣ ልክ ነሽ፤ 84 ይላል። ግን ፓይተን እንዲህ የሚያደርገው መስመሩን የሚያነብበት ደንብ ቀድሞ ስለተወሰነ ነው። ያንቺ ትርጉም የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሒሳብ ውስጥ ቅድሚያው የመስቀሏ ምልክት አይደለም። የማባዛት ነው። 2a + 3b ሲባል በ2 እና በa መካከል ምንም ምልክት አለ? የለም። ግን ማባዛቱ ይቀድማል። ሌላው ሰው በነጥብ ይጽፈዋል፣ አሁንም ይቀድማል። ምልክቱ ጠፍቶም ተቀይሮም ቅድሚያው ካልጠፋ፣ ቅድሚያው የምልክቱ አልነበረም ማለት ነው።

ከገበያ ላምጣልሽ። ስድስት ጋሪ ሦስት ሦስት ኩንታል ገብስ ጭኖ መጣ። አራት ጋሪ ደግሞ ሁለት ሁለት ኩንታል። ስንት ኩንታል ገባ? 26 ነው። ይህን ጭነት በፈለግሽው ምልክት ጻፊው፣ በ+ ማባዛትን ጻፊበት፣ ገብሱ አይጨምርም።

የመንዝ ልጅ

ገብሱ አይጨምርም፣ እውነት ነው። ግን ጋሼ ጋሪውን ያመጡት 26ን ካወቁ በኋላ ነው። ጥያቄው ላይ ጋሪ የለም፤ ምልክት ብቻ ነው ያለው። እኔም 84 የሚሆን ታሪክ ማምጣት እችላለሁ። ስድስት ክፍል አለ እንበል፤ በእያንዳንዱ ሦስት ሴቶችና አራት ወንዶች አሉ፤ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ደብተር ይሰጣል።

የ2a + 3b ነገር ግን አሳስቦኛል። እሱን በቀላሉ አልመልሰውም።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። ልጆች የሚለማመዱት አብዛኛውን ጊዜ + ከ− ጋር ሲለዋወጥ ነው። 9 + 4 − 2 ሲቀየር 9 − 4 + 2፣ 7 ነው። በእርስዎም በወንድሟም መንገድ 7 ነው፣ ምክንያቱም መደመርና መቀነስ አንድ ደረጃ ላይ ናቸው። × ከ÷ ጋር ሲለዋወጥም እንደዚያው። ልዩነቱ የሚወጣው ደረጃቸው የማይገናኝ ሁለት ምልክቶች ሲለዋወጡ ብቻ ነው፣ ልክ እንደ + እና ×። ልጁ መቶ ጥያቄ በተሳሳተ መንገድ ሠርቶ መቶውንም ሊያገኝ ይችላል። በመጨረሻ አንዱ ላይ ይወድቅና ለምን እንደወደቀ አይገባውም።

ተማሪዋ

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ቅንፍ ካለስ? ቅንፉም ይቀየራል? ጓደኛዬ (6 + 3) × 4 ላይ ቅንፉን አጥፍታ ነው የሠራችው።

መምህሩ

ቅንፍ አይነካም። ጥያቄው ስለ ቅንፍ ምንም አላለም። (6 + 3) × 4 ሲቀየር (6 × 3) + 4፣ 22። 6 + (3 × 4) ከሆነ ግን 6 × (3 + 4)፣ 42። የመጀመሪያው ላይ ቅንፉን ብታጠፋም 22 ይመጣላታል፣ ስለዚህ ስህተቷን አታየውም። ሁለተኛውን አሠሪያት። ቅንፉን ካጠፋች 6 × 3 + 4 ይሆንና እዚያም 22 ትላለች።

የመንዝ ልጅ

አያችሁ፣ ቅንፍ ሲኖር ጋሼና እኔ አንጣላም። 42 ላይ ሁለታችንም እንስማማለን። እንግዲህ ጥያቄ አውጪው ቅንፍ ቢያስገባ፣ ወይም «ምልክቶቹ ቦታ ቢለዋወጡ» ብሎ ቢጽፍ ምን ይጎዳዋል? ለፈተናው 26 ብለሽ ሙዪ፣ እህቴ። ምርጫው ውስጥ 84 መኖሩ ራሱ አውጪው ያንን መንገድ እንደ ስህተት ቆጥሮ እንዳስቀመጠው ያሳያል። 44 እና 20ም እንደዚያው ናቸው፤ 20 ምልክቱን ጭራሽ ያልቀየረው ልጅ መልስ ነው። ግን «ማለት» የሚለው ቃል 26ን ብቻ ያመጣል ቢሉኝ አልቀበልም።

መምህሩ

እኔ እቀበላለሁ፤ 2a + 3b ን እስክትመልሺልኝ ድረስ። ግን ከሚቀጥለው ፈተና ጀምሮ «ማለት» የሚለውን ትቼ «በ+ ቦታ ×፣ በ× ቦታ + ጽፋችሁ አስሉ» ብዬ ነው የማወጣው። እሱን ካንቺ ወስጃለሁ።