ማስተካከያ፦ ጥንታዊው የዩኒቨርስ ብርሃን መቼና ከየት እንደወጣ

«የማይክሮዌቭ ዳራ ጨረር ታላቁ ፍንዳታ በተከሰተበት ቅጽበት ከአንድ ቦታ የወጣ ብርሃን ነው።» (በደብረ ብርሃን ለተማሪዎች ከተሰራጨ ጽሑፍ)

ጨረሩ የተለቀቀው ከፍንዳታው 380,000 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የወጣውም ከአንድ ማዕከል ሳይሆን ከሁሉም ቦታ ስለሆነ ዛሬም ከየአቅጣጫው ይደርሰናል። ቀድሞ ነጻ ኤሌክትሮኖች ብርሃኑን እየበተኑ መንገድ ይከለክሉት ነበር፤ በጣርማ በር ጉም ውስጥ የመኪና መብራት ርቆ እንደማይሄደው ማለት ነው። ሙቀቱ ወደ 3,000 ኬልቪን ሲወርድ ኤሌክትሮኖቹ ከፕሮቶኖች ጋር ተጣምረው የሃይድሮጂን አቶም ሆኑ፤ ብርሃኑም መንገዱ ተከፈተለት።

ዛሬ የሚለካው 2.725 ኬልቪን ነው። 3,000ን ለ2.725 ስናካፍል 1,100 ገደማ ይመጣል፤ ዩኒቨርስ ከዚያ ወዲህ የተለጠጠው በዚህ እጥፍ ነው። ያኔ የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ገደማ የነበረው የሞገድ ርዝመት አሁን አንድ ሚሊሜትር ያህል ሆኗል፤ ዓይን የማያየው ለዚህ ነው።

ሙቀቱ ከአቅጣጫ አቅጣጫ የሚለያየው ከ100,000 አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። ይህች ትንሽ ልዩነት ግን ብዙ ትነግረናል፦ ቁስ በጥቂቱ በዛ ያለባቸው ስፍራዎች በስበት ተጨማሪ እየሳቡ ጋላክሲዎችን አስገኝተዋል። ብርሃኑ ከመለቀቁ በፊት የነበረውን ዘመን ግን የትኛውም ቴሌስኮፕ በብርሃን በቀጥታ ሊያሳየን አይችልም።