ማስተካከያ፦ ቀይ ኮከብ ከሰማያዊ አይሞቅም

«በኦርዮን ውስጥ ያለው ቀዩ ቤቴልጅውስ ከሰማያዊው ሪጌል ይበልጥ ይሞቃል፤ የገጹ ሙቀት 3,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው።»

ይህ በሰፊው የተሰራጨ ጽሑፍ ሁለት ስሕተት አለበት። የከዋክብቱን ብርሃን በኅብረ ቀለም በመተንተን የተገኙት ልኬቶች ለቤቴልጅውስ 3,500 ኬልቪን፣ ለሪጌል ደግሞ 12,000 ኬልቪን ገደማ ይሰጣሉ። የሚሞቀው ሰማያዊው ነው፤ የ3,500ው መለኪያም ኬልቪን እንጂ ሴልሺየስ አይደለም።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ የጋለ አካል ብርሃኑ የሚበረታበት የሞገድ ርዝመት ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ያጥራል። 2,900,000ን በኬልቪን ለተለካው ሙቀት ብናካፍል ያንን ርዝመት በናኖሜትር እናገኛለን። ለቤቴልጅውስ ውጤቱ 830 ገደማ ነው፤ ይህ ከቀይም አልፎ ዓይን በማያየው ኢንፍራሬድ ውስጥ ስለሚወድቅ የምናየው ብርሃን ወደ ቀይ ያደላል። ለሪጌል 240 ገደማ፣ ማለትም አልትራቫዮሌት ይሆናል፤ ለዓይናችን የሚደርሰው ወደ ሰማያዊ ያደላል።

ስሌቱ በሴልሺየስ አይሠራም። ኬልቪን የሚቆጥረው ከፍጹም ዜሮ ጀምሮ ስለሆነ ቁጥሩ እጥፍ ሲሆን ሞገዱ በእርግጥ በግማሽ ያጥራል፤ የሴልሺየስ ዜሮ ግን የውኃ መቀዝቀዣ ነጥብ ነው። 3,500 ኬልቪን በሴልሺየስ 3,227 ይሆናል። የ273ቱ ልዩነት ለሪጌል ከቁም ነገር ባይገባም ለቀዝቃዛ ከዋክብት ግን ይታያል። አኃዙ ተጠጋግቶ የሚጻፈውም የኮከብ ገጽ ጠንካራ ወለል ስለሌለውና ሙቀቱ ከጥልቀቱ ጋር ስለሚለዋወጥ ነው።

ቀለም ብቻውንም ያሳስታል። በከዋክብት መካከል ያለው አቧራ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚበትን ትኩስ ኮከብ ቀላ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ያኔ የሚዳኙት በኅብረ ቀለሙ ላይ ያሉት ጥቁር መስመሮች ናቸው።