ከፋይ ጣሪያውን ይወስን፣ ቀለሙን አይንካ

«የሠርጉን ዲኮር ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ይምረጥ፤ ያኔ ክርክሩ ያበቃል።»

ሰሞኑን ለሙሽሮች የተሰጠው ይህ ምክር አንድ ጥያቄ አይችልም። የትኛው ከፋይ? በእኛ ሠርግ አዳራሹን አባት፣ ድንኳኑን አጎት፣ አበባውን ውጭ አገር ያለች እህት ይከፍላሉ። ሁሉም በከፈለው ልክ ይምረጥ ከተባለ መድረኩ ወርቃማ፣ የጠረጴዛው ጨርቅ ቀይ፣ አበባው ሐምራዊ ሆኖ ያርፋል። ዲኮር ሠሪው ከሦስት ስልክ ትእዛዝ መቀበል የጀመረ ቀን ሥራው ተበላሽቷል።

ከዚህም የባሰው ሽማግሌ ሲገባ የሚመጣው «መሃል ላይ እንገናኝ» ነው። 300 እንግዳ፣ 10 ሰው የሚይዙ 30 ክብ ጠረጴዛዎች እንውሰድ። የሙሽራዋ እናት በየጠረጴዛው ረጅም የአበባ ማስቀመጫ ይፈልጋሉ፤ ሙሽራዋ አጭር። ከ30 ሳንቲሜትር የማይበልጠው አጭሩ ከተቀመጠ ሰው ፊት በታች ይቀራል። ረጅሙ ደግሞ እግሩ ቀጭን ሆኖ አበባው ከ60 ሳንቲሜትር በላይ ከጀመረ ከሥሩ ያስተያያል። መሃሉ፣ 45 ሳንቲሜትሩ፣ ልክ ፊት ላይ ያርፋል። እንግዶች አንገታቸውን እያዘነበሉ ያወራሉ፤ ሲሰለቻቸው ማስቀመጫውን አንስተው ወለል ላይ ያኖሩታል። ገንዘቡ ወጣ፣ እናትም ልጅም የፈለጉትን አላገኙም። ሁለት ምርጫ ሲደባለቅ የሚወጣው ማንም ያልፈለገው ሦስተኛ ነገር ነው! ቦታን ግን መከፋፈል ይቻላል፦ ግድግዳ በተጠጉት 8 ጠረጴዛዎች ላይ ረጅሙ ይቁም፤ ከኋላቸው መድረኩ የሚጋረድበት ሰው የለም። በቀሩት 22 ላይ አጭሩ ይቀመጥ።

የውሳኔው ባለቤትም በቦታ ይለይ። አዳራሹና መድረኩ የሙሽሮቹ ነው፤ ፎቶው ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው ይኖራል። ግቢው፣ ድንኳኑና ቄጤማው የወላጆች ነው። መልሱ የሚደግሱት የሙሽራዋ ቤተሰቦች ነው። በሌላው ቦታ ላይ ሐሳብ መስጠት ይቻላል፤ ማዘዝ አይቻልም።

«ይብዛ፣ ይነስ» የሚለው ጭቅጭቅ ደግሞ በስልክ ላይ ፎቶ እያገላበጡ አይፈታም። ሜትር ይያዝ። ለ6 ሜትር መድረክ የጀርባው ጨርቅ እጥፋት ኖሮት እንዲወርድ የስፋቱን እጥፍ፣ 12 ሜትር ይፈልጋል፤ ጨርቁ 1.5 ሜትር ስፋት ካለው 8 ቁራጭ ማለት ነው። «ትንሽ ይቀነስ» ተብሎ በ4 ከተሠራ ጨርቁ ተወጥሮ ይቆማል፣ ከኋላው ያለው ብረትም ያሳብቃል። መቀነስ የፈለገ መድረኩን ወደ 4 ሜትር ያጥብበው፣ እጥፋቱን አይንካ።

ለከፋዮች አንድ መብት አይነፈግም፦ የብሩን ጣሪያ መወሰን። ከዚያ ወዲያ «ይጨመር» የሚል ሁሉ የሚቀነሰውን አብሮ ይናገር። ዲኮር ሠሪው ውሉ ላይ ከተጻፈው አንድ ስልክ ብቻ ትእዛዝ ይቀበል፤ ጨርቁ ከተቆረጠ በኋላ ለሚመጣ ለውጥም ወጪውን ለውጡን የጠየቀው ሰው ይሸፍን።