የግንዛቤ ክፍተቱ እንደተጠበቀ ሆኖ

የቢሯችን አስተባባሪ ተሳስተው አያውቁም። ይህን የምለው ለማሽቃበጥ አይደለም። ማስረጃው ኢሜይሌ ውስጥ አለ።

ሰኞ ጠዋት ለ23 ሰው መልእክት ላኩ። «ስብሰባው ማክሰኞ 3:00 ሰዓት ነው» ይላል። አብሮት የመጣው የካላንደር ግብዣ ግን 3:00 PM ይላል። እኛ ሦስት ሰዓት ስንል ጠዋት ነው። ለኮምፒውተሩ 3:00 PM ማለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ልዩነቱ ድፍን ስድስት ሰዓት ነው። ግማሻችን ጽሑፉን አመንን፣ ግማሻችን ስልካችንን።

ተራ ሰው ቢሆን ርዕሱ ላይ «እርማት» ብሎ ይጽፍና እንዲህ ይል ነበር፦ «ስብሰባው ማክሰኞ ከጠዋቱ 3:00 (9:00 AM) ነው። በግብዣው ላይ 3:00 PM ያልኩት በስህተት ነው፤ ይቅርታ።» በቃ። እንዲህ ያለ ሰው ግን በምን ሞራል ሰው ፊት ይቆማል?

እሳቸው መጀመሪያ መልእክቱን መልሰው ሊጠሩ ሞከሩ። የእኛ የድሮው አውትሉክ ላይ Recall የሚባል ነገር አለ። የሚሠራው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ላለና መልእክቱን ገና ላልከፈተ ሰው ነው። ጂሜይል የሚጠቀሙት አማካሪዎቻችን ጋ የደረሰው «ላኪው ይህን መልእክት መመለስ ይፈልጋሉ» የሚል ማስታወቂያ ብቻ ነው። ያላነበበውም ምን ጉድ ነው ብሎ አነበበው።

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው ኢሜይል መጣ። ርዕሱ ያው የበፊቱ ነው፤ አዲስ ነገር እንዳለው ከውጭ አያስታውቅም። «ቀደም ሲል ከተላለፈው መልእክት ጋር በተያያዘ በአንዳንድ ተቀባዮች ዘንድ የተፈጠረው የግንዛቤ ክፍተት እንደተጠበቀ ሆኖ...» ብሎ ይጀምራል። እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። አማርኛ ጨካኝ ቋንቋ ነው። «ተሳሳትኩ» ስትል መጨረሻ ላይ ያለችው «ኩ» እጅ ከፍንጅ ታስይዝሃለች። «ተፈጠረ» ግን ባለቤት የለውም፤ እንደ ዝናብ ከላይ የወረደ ነው። ይባስ ብሎ ክፍተቱ የተፈጠረው እኛ ተቀባዮቹ ዘንድ ነው! ትክክለኛው ሰዓት አራተኛው አንቀጽ ላይ፣ ስለ ሰዓት አክባሪነት ከተሰጠን ምክር ቀጥሎ ተቀምጧል።

ግብዣውስ? ያንኑ ከፍቶ ሰዓቱን አስተካክሎ Send Update ማለት ነበር። እሳቸው የድሮውን ሳይነኩ አዲስ ላኩ። ስልኬ ለማክሰኞ ሁለት ስብሰባ ያዘልኝ።

ማክሰኞ ጠዋት 11 ሰው ተገኘ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌሎች 9 መጡ። ሦስቱ የት እንደገቡ እስካሁን አልታወቀም። ቃለ ጉባኤው ትናንት ደርሶናል፦ «ስብሰባው በተያዘለት መርሐ ግብር መሠረት በሁለት ዙር በስኬት ተካሂዷል።»